አሥር መስመር ይበቃል

«ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወደ ስልሳ ቦታ በኢሜይል አመልክቻለሁ፤ የጠራኝ የለም። ከሲቪዬ ጋር አንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ እልካለሁ፤ ጓደኛዬ ከኢንተርኔት ያወረደችው ነው። ሥራ እስካገኝ በአክስቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። አባቴ ግን ‹ዲግሪ ይዘሽ ሱቅ ጠባቂ ነኝ ብለሽ አትጻፊ› ስላለኝ ሲቪዬ ላይ አላስገባሁትም። ውጤቴ 2.8 ነው። ማስተርስ ልጀምር ይሆን? ገንዘብ ከከፈልሽ አስገባሻለሁ ያለኝ ደላላም አለ። አሁን አንድ የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ዓርብ ይዘጋል። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» — ት.፣ ከአዳማ

ለደላላው አምስት ሳንቲም አትስጪ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው የጠፋ ቀን የምትይዢው ወረቀት የለሽም። ማስተርሱ ይቆይ፤ ሠርተሽ የምታውቂው ነገር ሲኖር ምን መማር እንዳለብሽ ራሱ ይነግርሻል። ውጤትሽን ማስታወቂያው ካልጠየቀ ኢሜይሉ ላይ አታንሺው። ስለ ማመልከቻው ግን ብዙ የምለው አለኝ።

የላክሽልኝን ገጽ ተኩል አነበብኩት። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ከላይ ለተጠቀሰው ክፍት የሥራ ቦታ…» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የት እንደተማርሽ፣ መቼ እንደተመረቅሽ፣ ምን ሥልጠና እንደወሰድሽ አለ። ሁሉም ሲቪሽ ላይ ያለ ነው። ከዚያ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫናን የምትቋቋሚ፣ በግልም በቡድንም የምትሠሪ ነሽ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ «በተከበረው ባንካችሁ» ይላል። ት.፣ የምታመለክቺው አስመጪ ድርጅት ነው። የባንኩን ስም አውጥተሽ «ባንካችሁ» የሚለውን ረስተሽዋል። ከስልሳው ስንቱ ጋር እንዲህ እንደሄደ አላውቅም።

ለብዙ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ስከፍት ኖሬያለሁ። ማስታወቂያው በሚዘጋበት ቀን ሳጥኑ ይጥለቀለቃል። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየኝ ሦስት ነገር ነው፤ የላኪው ስም፣ ርዕሱ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት። ሃያ ሰው ተከታትሎ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን» ካለ ሃያው ለእኔ አንድ ሰው ነው። ከዚያ ባዶ ኢሜይል ይመጣል፤ ሲቪ ብቻ ተያይዞ፣ ርዕስ እንኳ የለውም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትዪኝ ባዶው ቢያንስ ጊዜዬን አልወሰደም።

ይህ በሽታ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ እንዳይመስልሽ። እኔ ሥራ ስፈልግ ማመልከቻ የሚጻፍልን ፒያሳ ታይፕ ቤት ነበር። ሴትየዋ አንድ ጥሩ ደብዳቤ አላት፤ ስም ቀይራ ለሁላችንም እሱኑ ትመታልናለች። አንድ መጋዘን ለመዝገብ ሠራተኝነት ሳመለክት ኃላፊው አራት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አራቱም ቃል በቃል አንድ ናቸው። «የትኛው ነህ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን መሥራት እንደምችል ሲጠይቀኝ፣ አጎቴ ወፍጮ ቤት የሚገባና የሚወጣ ጆንያ እየቆጠርኩ ደብተር ላይ እይዝ እንደነበር ነገርኩት። «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?» አለ። እዚያው ቀጠረኝ።

ስለዚህ አባትሽን ባከብርም በዚህ ነገር ተሳስተዋል። የተሸከሙት ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ነው። የሚያነበው ግን ጎረቤት አይደለም፣ ሒሳብ ክፍል ያለ ሰው ነው። እሱ የሚያየው ሁለት ዓመት ምንም ያልሠራች ተመራቂ ነው፤ ምክንያቱም አንቺው ራስሽ የሠራሽውን ደብቀሽበታል። ሱቁ ያሳፍራል ብለሽ ክፍተቱን ትተሽለታል። ክፍተቱ ነው የጎዳሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሱቁ ውስጥ በትክክል ምን እንደምትሠሪ ጠይቄሽ ነበር። የመለስሽልኝ መልስ ከገጽ ተኩሉ ሁሉ ይበልጣል። የዱቤውንና የዕቃውን ደብተር ወደ ኤክሴል አዛውረሻል። በየወሩ መጨረሻ ትቆጥሪያለሽ። ጥር ላይ ዘጠኝ ባልዲ ቀለም ከመዝገቡ በላይ ትርፍ ተገኘ። አክስትሽ «እሰይ» ሲሉ አንቺ ግን አላመንሽውም። ስትከታተዪው ደንበኛ የመለሰው ቀለም መደርደሪያ ላይ ይመለሳል እንጂ የሚመዘግበው የለም። የሒሳብ ሰው ይህን ሲያነብ ቆም ይላል። ጉድለት ሲመጣ ሁሉም ይጮሃል፤ ትርፍ ሲመጣ መዝገቡ ስህተት ነው ብሎ የሚጠረጥር ጀማሪ ብዙ አይገኝም።

አሁን ማስታወቂያውን ደግመሽ አንብቢው። የተለመደውን «ዲግሪ ያለው/ያላት» እለፊና ሥራው ምንድን ነው የሚለውን ፈልጊ። «የሦስት ቅርንጫፎችን የዕቃ ቆጠራ በየወሩ ከመዝገብ ጋር ማመሳከር» ይላል። ሰዎቹ የቸገራቸው ይሄ ነው። ቀጥሎ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ይጠይቃል። ሌላውን ተዪው፤ ኢሜይልሽ ለእነዚህ ሁለት መልስ ይስጥ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

*ርዕስ፦ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ማመልከቻ – (ሙሉ ስምሽ)*

*ጤና ይስጥልኝ፤*

*ሰኞ ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት እያመለከትኩ ነው።*

*የሦስት ቅርንጫፎችን የዕቃ ቆጠራ በየወሩ ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክር ሰው እንደምትፈልጉ አይቻለሁ። እኔም ላለፉት 14 ወራት በቤተሰብ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በአነስተኛ ደረጃ ይህንኑ ስሠራ ቆይቻለሁ። የዕቃና የዱቤ መዝገቡን ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬ በየወሩ መጨረሻ እቆጥራለሁ። ጥር ላይ ዘጠኝ ባልዲ ቀለም ከመዝገቡ በላይ ሲገኝ፣ ምክንያቱ ደንበኞች የመለሱት ዕቃ አለመመዝገቡ እንደሆነ ደረስኩበትና የተመላሽ መዝገብ ጀመርኩ።*

*ፒችትሪን በሥልጠና ተምሬዋለሁ፤ በሥራ ላይ ግን ገና አልተጠቀምኩበትም።*

*ሲቪዬን አያይዣለሁ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ለፈተና በጠራችሁኝ ቀን መድረስ እችላለሁ።*

*(ስምሽ፣ ስልክሽ)*

በቃ። በስልክ ለሚያነብ ሰው ጣት አያደክምም። የመጀመሪያው መስመር የቱን ቦታ እንደምትፈልጊ ይናገራል፤ አንድ ድርጅት በአንድ ቀን አምስት ቦታ ሊያስተዋውቅ ስለሚችል ይህን አትዝለዪው። መካከለኛው አንቀጽ ሲቪሽ ሊል የማይችለውን ይላል። ሲቪ ከመቼ እስከ መቼ የት እንደነበርሽ ነው የሚዘረዝረው፤ የዘጠኙ ባልዲ ታሪክ እዚያ ቦታ የለውም። «ታታሪ» የሚለው ቃል የትም እንደሌለ አስተውለሻል? አንባቢው ራሱ ይበለው።

የፒችትሪዋን መስመር ለማውጣት እጅሽን ያሳክክሽ ይሆናል። ተዪያት። ለፈተና ስትቀርቢ ኮምፒውተር ፊት ሊያስቀምጡሽ ይችላሉ፤ ያልቻልሽውን ችያለሁ ብለሽ ከተያዝሽ ባልዲውንም አያምኑሽም። «በቤተሰብ ሱቅ» የምትለዋንም እንዲሁ አታጥፊ። የአክስትሽ መሆኑን በኋላ ራሳቸው ከሚደርሱበት አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል። ከዚህ ጋር ሲቪሽ ላይም ሱቁን አስገቢው፤ ኢሜይሉ የሚለው ሥራ ሲቪው ላይ ከሌለ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

የሚቀጥለውን ስትጽፊ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር ጠይቂው። ለሌላ ድርጅት ሳልነካው ቢላክ ያስኬዳል ወይ? ካስኬደ አውጪው። ሲቪዬ ላይ አለ ወይ? ካለም አውጪው። ከባልዲው ታሪክ በስተቀር፤ እሱ ለብዙ ቦታ ይሆናል፣ ግን ማስታወቂያው ስለ ዕቃ ካወራ ብቻ። ግብር ማሳወቅ የሚፈልግ ቦታ ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጊ፤ የአክስትሽን ቫት የምታዘጋጂው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ እሱን ጻፊ። እንዲህ ሲሆን በሳምንት ከሦስት አራት በላይ መላክ አትችዪም። መላክም የለብሽም።

ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ኢሜይሉም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ያንኑ አሳጥረሽ፣ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው ቃል ሳትጨምሪ። ፋይሉ አንድ ፒዲኤፍ ይሁን፣ ስምሽና «ሲቪ» የሚል ስም ይኑረው። «ፋይናል የመጨረሻው 3» የሚል ፋይል በሕይወቴ ስንቴ እንደከፈትኩ! ያልተጠየቅሽውን የስምንተኛ ክፍል ካርድና የምስክር ወረቀት በስልክ ፎቶ እያነሳሽ አታያይዢ። ለአሥር ድርጅት በአንድ ኢሜይል መላክማ አይታሰብም፤ አድራሻው ሁሉ ይታያል፣ ማንም የእኔ ነው አይልም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታም አለ። ማመልከቻውን በድረ ገጽ ቅጽ ብቻ የሚቀበል ድርጅት ኢሜይልሽን የሚያነብ ሰው የለውም፤ ቅጹን በደንብ ሙዪ። በአካል ቀርቦ መመዝገብ የሚጠይቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦሪጅናልሽን ነው የሚፈልገው። አምስት ዓመት ልምድ በግድ ለሚል ቦታም የትኛውም ደብዳቤ አያድንሽም። የእኔ ምክር የሚበጀው ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ራሱ ኢሜይሉን በሚከፍትበት፣ መካከለኛና ትንንሽ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ስልሳው ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያለ ነበር? ገምቼ ልንገርሽ፤ አብዛኛው ባንክ ነው።

«ያለ ሰው ሥራ አይገኝም» እንደሚሉሽም አውቃለሁ። ውሸት ነው አልልም። ግን የሚያውቅሽ ሰው ሲገኝ «እስቲ ላኪልኝ» ነው የሚለው፤ የሚያስተላልፈውም የጻፍሽውን ነው። ገጽ ተኩሉን ሲያስተላልፍ ምን እንደሚሰማው አስቢው።

ዛሬ ማታ ጽፈሽ መጀመሪያ ለራስሽ ላኪው። በስልክሽ ክፈቺው፣ ፋይሉ መከፈቱን እዪ፣ ድምፅ እያሰማሽ አንብቢው፤ «ባንካችሁ» የሚል ቢቀር ያኔ ይያዛል። ረቡዕ ጠዋት ለእነሱ ላኪ፣ ዓርብን አትጠብቂ። ከተዘጋ ከሳምንት በኋላ ዝም ካሉ እዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር ጨምረሽ ጠይቂ፤ አንዴ ብቻ። ከመላክሽ በፊት ደግሞ አክስትሽን አስፈቅጂና ስልካቸውን ሲቪሽ ላይ አስገቢ። ቢደወልላቸው «እሰይ» ያሉባትን የጥር ቆጠራ ያስታውሷት እንደሆነም ጠይቂያቸው።