ለባልደረባዬ «አይሆንም» እንዴት ልበለው?

«አብሮኝ ስምንት ዓመት የሠራ ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት እንደሚወደኝ በስልክ ጻፈልኝ። አዲስ ገብቼ ሪፖርት ሳበላሽ አምሽቶ ያስተካከለልኝ እሱ ነው። አከብረዋለሁ፤ የፍቅር ስሜት ግን የለኝም። እስካሁን አልመለስኩለትም። ይህን ልልክለት አስቤያለሁ፦ ‹በጣም ይቅርታ፣ ምርጥ ሰው ነህ፣ ግን አሁን ለፍቅር ዝግጁ አይደለሁም።› ይጎዳው ይሆን?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «አሁን» የምትለዋን ቃል አውጪያት። የሚወድ ሰው ከመልእክትሽ ውስጥ እሷን ብቻ ይዞ ይቀራል። አንቺ ለማለሳለስ ብለሽ ነው፤ እሱ ግን እንደ ቀጠሮ ይወስዳታል። ከዚያ ሰላምታሽንም ሳቅሽንም እንደ ምልክት መቁጠር ይጀምራል። ወራት እንዲህ ያልፋሉ።

«በጣም ይቅርታ»ም ይቅር። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይቅርታ የታከለበት እምቢታ ይበልጥ እንደሚያም አሳይቷል። ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ከልቡ ባይሆንም «ምንም አይደል» ማለት ያለበት ይመስለዋል። እሱ በቆሰለበት ሰዓት አንቺን ማጽናናት ይጀምራል ማለት ነው። ደግሞስ ስላልወደድሽው ምን አጠፋሽ? ይቅርታ የሚያስፈልገው ለዘገየው መልስ ብቻ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍለት ነበር፦

«መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህን ለመጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀህ ይገባኛል። ሳምንት ሙሉ ዝም ስላልኩህ ይቅርታ። ላንተ የፍቅር ስሜት የለኝም፤ ወደፊትም ይለወጣል ብዬ አላስብም። በግልጽ የምነግርህ እንድትጠብቀኝ ስለማልፈልግ ነው። ያን ሪፖርት አምሽተህ ያስተካከልክልኝን ቀን ዛሬም በምስጋና አስታውሰዋለሁ። የጻፍክልኝን ለማንም አልነገርኩም፤ አልናገርምም። ለጥቂት ጊዜ ራቅ ማለት ከፈለግህ አልቀየምህም። መልስ መስጠትም የለብህም።»

«ምርጥ ሰው ነህ» ለማንም ይባላል። ሪፖርቱ ግን የእሱና የአንቺ ብቻ ነው። ለማንም አለመናገርሽን ደግሞ ሳይጠይቅሽ ንገሪው፤ እምቢ ከመባል ይልቅ ቢሮ ውስጥ መወሪያ መሆን ነው ብዙዎችን እንቅልፍ የሚነሳቸው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በዝምታ ክብሩን ጠብቆ እንዲወጣ በር ትከፍትለታለች።

ከቻልሽ በማግስቱ ሥራ በማትገቡበት ቀን ላኪው። ስትገናኙ እንደወትሮሽ ሰላም በይውና ስለ ሥራው አውሪ። መጀመሪያ ላይ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፤ ለማካካስ ብለሽም ከወትሮው በላይ አትቅረቢው።

«ለምን?» ብሎ ከጠየቀሽ ምክንያት አትደርድሪ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ስትይው «እጠብቅሻለሁ» ይልሻል። «ስሜቱ ስለሌለኝ ነው» በቂ መልስ ነው። ከዚህ በኋላም መወትወቱን ከቀጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ መልእክቶቹን ሳታጠፊ አስቀምጪና መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ለሚመለከተው ሰው አሳውቂ።