ስለ ማርያም የሳመችኝ እና ስለ ውስጥ እግር ጥቁር ነጥብ፦ ጥያቄና መልስ

የቆዳው ሐኪም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆዳ ሳክም ቆይቻለሁ፤ ዛሬ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እመልሳለሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። በስልክ ፎቶ አልፈርድም፣ ስለዚህ አትላኩ። ጥቁር ነጥብ ደግሞ አትቁረጡ፣ አታስሩ፣ አታቃጥሉ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ይቅርታ።

ትዕግስት፦ ጉንጬ ላይ ትናንሽ ጥቁር ፍሬዎች በየዓመቱ እየጨመሩ ነው። እናቴም አላት። ካንሰር ይሆን?

የቆዳው ሐኪም፦ አይደለም። በዘር የሚወረስ፣ ጉንጭና ዓይን ዙሪያ የሚወጣ፣ ጉዳት የሌለው ነው። ካላስጠላሽ ተይው።

ዮናስ (የጤና መኮንን)፦ ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ ካንሰር ለመለየት እኛ የተማርነው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ የሚለውን ነው። ግማሹ ከግማሹ አይመሳሰልም፣ ጠርዙ ይሸረፋል፣ ቀለሙ ይዘበራረቃል፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ይለወጣል። ይህ አይበቃም?

የቆዳው ሐኪም፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት በ1985 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጡ ናቸው፤ አምስተኛዋ፣ «ይለወጣል» የምትለው፣ በ2004 ተጨመረች። ሥራው የተሠራው በአመዛኙ ነጭ ቆዳ ባላቸው ሕመምተኞች ላይ ነው፤ እነሱ ጀርባቸውና ቅልጥማቸው ላይ ነው የሚያወጡት። እኛ ጋ ሜላኖማ በጠቅላላው ብዙ አይደለም። ሲመጣ ግን በብዛት የሚመጣው ፀሐይ በማይነካው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ጀርባውን በመስታወት ሲፈትሽ የሚውል ሰው እግሩን ገልብጦ አያይም።

ሌላም ችግር አለ። ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ጠፍጣፋ ቡናማ ነጠብጣቦች ቢኖሩት ብዙ ጊዜ ጤና ነው። የሁሉም ጠርዝ የተሸረፈ ሊመስል ይችላል። እኔ የምፈልገው ከወንድሞቹ የማይመስለውን ነው፤ ሌሎቹ ፈዘዝ ብለው ባሉበት ሲቀሩ ብቻውን የሚጠቁረው፣ በወራት ውስጥ የሚሰፋው። ከአምስቱ አንዷን ብቻ ያዝ ብትለኝ «ይለወጣል» የምትለዋን እይዛለሁ።

ከዚያ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ ወረቀት ላይ ስታሳርፉ ቀለሙን የሚተወው ከፍ ያለው መስመር ነው፤ በመሃሉ ያለው ቦይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ውስጥ እግርም እንዲሁ ከፍና ዝቅ ያለ መስመር አለው። ደህናው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ጥቁረቱን የሚያስቀምጠው በቦዩ ውስጥ ነው። ሜላኖማ ግን ከፍ ባለው መስመር ላይ ይቀመጣል። ጃፓኖች ናቸው ይህን አጥርተው ያሳዩን፤ እነሱም እንደኛ እግር ሥር ስለሚያወጡ። ደግሞ ይህንን በስልክ መብራት ቤት ውስጥ እንሞክር እንዳትሉ።

ሰብለ (ሪያድ)፦ ዶክተርዬ እግሬ ሥር ጥቁር ነገር አለ። ምንድን ነው?

የቆዳው ሐኪም፦ እህቴ፣ «ጥቁር ነገር» ብለሽ ምን ልበልሽ? የት ቦታ? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ሚሊ? ጫማ ቀይረሻል?

ሰብለ፦ ይቅርታ። ተረከዜ ጠርዝ ላይ ነው። ያየሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ማዳም አዲስ የሥራ ጫማ ገዝታልኝ ነበር፣ ጠባብ ነው። አያምም።

የቆዳው ሐኪም፦ አሁን እንነጋገር። ጠባብ ጫማ ወፍራሙ ቆዳ ውስጥ ደም ያቁራል፤ ደርቆ ጥቁር ይሆናል። ሐኪም የላይኛውን የሞተ ቆዳ በስሱ ሲልጠው አብሮ ይነሳል። አንቺ ግን በምላጭ አትሞክሪው። ጫማውን ቀይሪ፣ በማስመሪያ ለኪው፣ ማስመሪያውን አጠገቡ አድርገሽ ፎቶ አንሺ፤ ለራስሽ እንጂ ለእኔ አይደለም። በአራት ሳምንት ካልፈዘዘ ወይም ከሰፋ ሐኪም ይየው።

አባ ገብሬ፦ እኛ አገር በፈረስ ጭራ ፀጉር አጥብቆ ማሰር ነው። በሳምንቱ ይረግፋል። እኔ አንገቴ ላይ ያለውን አስሬ ጥዬው ይኸው አርባ ዓመት ሆነኝ። ሐኪም ያካብዳል።

የቆዳው ሐኪም፦ አባ፣ እርስዎ ያሰሩት አንገት ላይ የተንጠለጠለች ለስላሳ ቆዳ ትሆናለች፤ እሷ ብትታሰርም ባትታሰርም ጉዳት የላትም። የእኔ ችግር ከወደቀው ጋር ነው። የት ጣሉት? እኔ የምፈልገው እሱን ነበር። ሜላኖማ ሲሆን የሰውየውን ዕጣ በዋናነት የሚናገረው ቆዳ ውስጥ የገባበት ጥልቀት ነው፤ በማይክሮስኮፕ በሚሊ ሜትር ይለካል። የረገፈ ወይም በአሲድ የነደደ ነገር አይለካም።

አንድ ሰው ልንገራችሁ። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ገበሬ ናቸው፣ ስልሳ የሚጠጉ። ግራ እግራቸው ላይ ከአውራ ጣታቸው ሥር ምስር የምታክል ቡናማ ነጥብ ወጣች። እሾህ ወግቶኝ ነው ብለው ተዉት። ስትሰፋ አንድ ክሊኒክ ኪንታሮት ነው ብሎ ሁለት ጊዜ በአሲድ አቃጠለው። ሻረ፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ተመልሶ ወጣ። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖታል። ነጥቡ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ነበረው፤ በአንድ ወገን ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ በሌላው ወገን አመድ የመሰለ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እርጥብ ሮዝ ሥጋ። ኮንጎ ጫማቸው ውስጥ ደም ደርቋል። ሁሉንም ያሳሳተው ያ ሮዝ ሥጋ ነው፤ «ቁስሉ ሥጋ እየሞላ ነው» ተብሎ። እየሞላ ሳይሆን እየበቀለ ነበር። ብሽሽታቸውን ስዳስስ ንፍፊት አገኘሁ፤ ጠንካራ፣ የማያም። የእግር ቁስል ሲመረቅዝ የሚያወጣው ንፍፊት ያማል፤ ይሄ ግን እንደ ጠጠር ዝም ያለ ነው።

ከወፍራሙ ቦታ ቁራጭ ወሰድን። ጥልቀቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሆነ። ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ተቆረጠ፣ ብሽሽቱም ተከፈተ። በዓመቱ ሳንባቸው ላይ ታየ። ምስር የምታክል ሳለች፣ ከ1 ሚሊ በላይ ሳትጠልቅ ብትመጣ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ተቆርጦ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያልቅ ነበር። ስለዚህ አባ፣ አያስሩ። አይቁረጡ። አያቃጥሉ።

አባ ገብሬ፦ የእኔ ግን ድኗል።

የሐዋሳ ልጅ፦ ቦብ ማርሌይስ በኳስ አይደል እንዴ የሞተው? እግሩን ሲረግጡት ነው ካንሰር የሆነው።

ናሆም (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሃይማኖቱ ነው የገደለው። ይቆረጥ ሲሉት እምቢ አለ።

የሐዋሳ ልጅ፦ ሻሸመኔ የመጣ ሰው እንዲህ አይባልም። ያኔ ሐኪሞቹም እኮ እርስ በርስ አልተስማሙም።

ናሆም፦ ሻሸመኔ መምጣቱ ከጣቱ ጋር ምን አገናኘው?

የቆዳው ሐኪም፦ ወንድሞቼ! ኳሱ ካንሰር አላመጣበትም። የአውራ ጣቱ ቁስል አልድን ሲል በ1977 ጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ጣቱ አልተቆረጠም፣ የጥፍሩ አልጋ ተነስቶ ቆዳ ተለጠፈበት። ለምን እንደዚያ መረጠ የሚለውን እዚህ አንፈታውም። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ሰው ጉዳት ካስታወሰ ሁሉንም ነገር በጉዳቱ ያሳብባል። ገበሬው በእሾህ አሳበቡ፣ ሌላው በኳስ።

ሕይወት፦ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ቡናማ መስመር አለ። በር ቀጥቅጦኝ ነበር። ጓደኛዬ ይሄ የታወቀ የካንሰር ምልክት ነው ብላ አስደነገጠችኝ።

የቆዳው ሐኪም፦ ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ይዛለች። በእኛ ቆዳ በብዙ ጥፍሮች ላይ ቀጫጭን ቡናማ መስመር መኖር የተለመደ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምርም ይበዛል። የሚያሳስበኝ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ያለው፣ ከ3 ሚሊ የሚሰፋው፣ ሥሩ ጋ ከጫፉ ይልቅ ወፍራም የሆነው ነው። ሥሩ ጋ ወፈረ ማለት እየሰፋ እያደገ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ጥቁረቱ ጥፍሩን አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ሲቀባ ነው፤ ያንን ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

በር የቀጠቀጠው ደም ከሆነ ከጥፍሩ ጋር ይጓዛል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ገደማ ያድጋል፣ የእግር ግማሹን ያህል። ጥቁረቱ በሚያበቃበት ቦታ ጥፍሩን በሞረድ በስሱ ጫር አድርጊ፤ በወሩ ከሥሩ በኩል ንጹሕ ጥፍር ብቅ ካለ ደም ነው። ከሥር እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ካልተነቃነቀ ግን ደም አይመስለኝም። እንሶስላ ወይም ሂና ካለብሽ ደግሞ እስኪለቅ ድረስ ምንም አትፍረጂ፤ ሙሽራ ሆና መጥታ ግማሽ ቀን ያስጨነቀችኝ ልጅ አለች።

ሕይወት፦ የእኔ ከሥር ጀምሮ ነው፣ ግን ቀጭን ነው። ሌሎቹ ጥፍሮቼ ንጹሕ ናቸው።

የቆዳው ሐኪም፦ አንድ ብቻ ከሆነ ይታይ። መፍራት አይደለም፣ መታየት።

ቤቲ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሆዴ ላይ ያለው ማርያም የሳመችኝ ሰፋ።

የቆዳው ሐኪም፦ ሆድ ሲለጠጥ ነጥቡም ይለጠጣል። ቀለሙ ወይም ቅርጹ ከተቀየረ ግን «እርግዝና ነው» ብለሽ አትተይው።

ዳዊት፦ ዶክተር ፎቶ ልኬልዎታለሁ፣ ካንሰር ነው?

የቆዳው ሐኪም፦ መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብብ።

መቅደስ፦ ግን ዶክተር፣ ብረት ሲነካው ይሰራጫል ይባላል። አጎቴ ደህና ነበር፣ ቁራጭ ወሰዱለት፣ በስድስት ወሩ አጣነው።

የቆዳው ሐኪም፦ ነፍስ ይማር። ለምርመራ ቁራጭ መውሰድ ሜላኖማን አያሰራጭም፤ ይህ የተጠና ነገር ነው። ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ ብረቱና ሞቱ ተቀራርበው ይታያሉ።

መቅደስ፦ ይህን የሚሉት ሐኪም ስለሆኑ ነው። እኛ ያየነውን አይተናል።

ዮናስ፦ መቅደስ፣ እኔም የሰዎችን ፍርሃት አልንቅም። ግን አጎትሽ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ቆየበት?

መቅደስ፦ ሁለት ዓመት ገደማ።

ትዕግስት፦ የት ነው የሚታየው ታዲያ? ክልል ላይ የቆዳ ሐኪም አናገኝም።

የቆዳው ሐኪም፦ አዲስ አበባ አለርት፣ ወሎ ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሕክምና አለ። ራቅ ያላችሁ፣ የሚያያችሁን ሐኪም አንድ ነገር ጠይቁ፦ የተቆረጠው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል ወይ? አይሄድም ካለ አታስቆርጡ፣ ሪፈር ጠይቁ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የመጨረሻ ጥያቄ።

ሰብለ፦ ዶክተርዬ፣ አሁን በልጆቹ ማስመሪያ ለካሁት፣ 8 ሚሊ ነው። የድሮ ፎቶ ስፈልግ ደግሞ ባለፈው ፋሲካ ባዶ እግሬን የተነሳሁት ተገኘ። እዚያው ቦታ ላይ አለ። ያኔ በጣም ትንሽ ነበር።

የቆዳው ሐኪም፦ እንግዲያው የጫማውን ወሬ ተይው፤ የጫማ ደም ይህን ያህል አይቆይም። አራት ሳምንት ያልኩትንም ሰርዢው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገሽ ለማዳም አሳያት፣ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ይይሽ። የሚሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ።