ያረጀ የባኞ ገንዳ ሲሊኮን ስለ መላጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲሊኮኑ ጠቁሯል። አዲሱን ከላዩ ብደርብበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይዝም።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ቆርጬ አውጥቼ ነበር፤ አዲሱ ግን በሦስት ወሩ ተላጠ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያወጡት ወፍራሙን ነው፤ የቀረው ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ነው። በቅርቡ የሠራሁት ቤት እንዲሁ ነበር፤ ውኃው ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ኮርኒስ አበስብሶታል። ሴራሚኩ ግን ንጹሕ ይመስላል። በሳሙና አጥቤ አለቅልቄ ውኃ ረጨሁበት። ባዶው ሴራሚክ ላይ ውኃው ተዘረጋ፤ ከገንዳው ጠርዝ በላይ ባለው አንድ ጣት በማይሞላ መስመር ላይ ግን እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ቆመ። ሲሊኮኑ እዚያ ነበር።

አቆራረጡ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በግድግዳው በኩል፣ ሌላው በገንዳው በኩል። ቢላዋውን አስተኝተው ይያዙት። ከዚያ ጫፉን ይዘው በቀስታ ይሳቡ፤ ከተበጠሰ በጉልበት አይታገሉት፣ ወደ ቢላዋው ይመለሱ። ስሱን ሽፋን ከሴራሚኩ ላይ በተኛ ምላጭ፣ ከፕላስቲክ ገንዳ ላይ ግን በፕላስቲክ ስፓቱላ ይፋቁት። በመጨረሻ በአልኮል ይወልውሉና እንደገና ውኃ ይርጩ። ዶቃው ካለ ሥራው አላለቀም።

አንድ አባል፦ እኔ አቼቶ ቀብቼ አሳድሬው ለቀቀልኝ።

ሌላ አባል፦ አቼቶ የሚያሟሟው ነጩን የውኃ ዝቃጭ ነው እንጂ ሲሊኮን አይነካም።

የመጀመሪያው፦ በዓይኔ ያየሁትን?

መልስ፦ ሁለተኛው ልክ ናቸው። የእርስዎ ድሮም ሳይይዝ የቆየ ይሆናል። ሻጋታውን በበረኪና ለመግደል ካሰቡ ግን አቼቶው በደንብ ሳይታጠብ አያስነኩት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የእኔ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ሲሊኮን ይበቃዋል?

መልስ፦ ጎሚኒውን ይቀይሩ። ጥያቄው ስለ ገንዳ ነው።

ጥያቄ፦ በቲነር ቢጠረግስ?

መልስ፦ ገንዳው ፕላስቲክ ከሆነ ፊቱን ያበላሸዋል። አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቢቀርስ? ከላዩ ቢቀባ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አይዝም!

ጥያቄ፦ ከላጥሁ በኋላ ወዲያው ልቀባ?

መልስ፦ ስንጥቁ ውስጥ እርጥበት አለ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይድረቅ። ከመቀባትዎ በፊት ገንዳውን ውኃ ይሙሉት፤ ሲሊኮኑ እስኪደርቅም ውኃውን አይልቀቁት። ባዶውን ከቀቡት ሰው ሲገባበት ገንዳው ዝቅ ይልና አዲሱን መስመር ይገነጥለዋል።

አንድ አባል፦ እኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ለዚህ ገንዳ ሙሉ ውኃ ማባከን ነውር ነው፤ የእኔ ደግሞ ከባድ የብረት ገንዳ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

መልስ፦ እግሩ በደንብ የተቀመጠ የብረት ገንዳ ከሆነ አልከራከርዎትም። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ውኃ የሚመጣበትን ቀን ይጠብቁ።