ክላስተር በትምህርት ቤት ወይስ በጉድኝት? መጀመሪያ ሥልጠናው እንዴት እንደተመደበ ጠይቂ

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከ40 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ውጤት አለኝ፣ ከየትምህርት ቤቱ 25 ተማሪ። ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች መምህራኖቻቸው የንባብ ሥልጠና ወስደዋል። አማካሪዬ ስታንዳርድ ኤረሩን ክላስተር አድርጊው አሉኝ። በሴክሽን ላድርገው፣ በትምህርት ቤት ወይስ በወረዳ? በትምህርት ቤት ሳደርገው ውጤቴ ሲግኒፊካንት መሆኑ ቀረ።»

ሰላም እህቴ። የዚህን መልስ ዳታሽ ውስጥ አታገኚውም። የሚያውቁት ሥልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው። ደውዪላቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ይሄኛው ይሠልጥን፣ ያኛው ይቆይ የተባለው እንዴት ነበር? ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ነው የተመረጠው ወይስ በጉድኝት? ምርጫው የተደረገበት ደረጃ የክላስተርሽ ደረጃ ነው።

አጥብቄ የምነግርሽ እኔም እዚሁ ዞን ላይ ስለተሳሳትኩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሶና ወራና እስከ መንዝ ከተሰበሰበ ዳታ ጋር ስሠራ በትምህርት ቤት ክላስተር አደረግኩና ሪፖርቱን አስረከብኩ። በኋላ አንድ ርዕሰ መምህር ጋር ሻይ ይዘን ስናወራ «ሥልጠናው እኮ ለጉድኝቱ በሙሉ ነው የተሰጠው፣ ማዕከሉ እኛ ስለሆንን ሳተላይቶቹ ሁሉ እዚህ መጥተው ነው የሠለጠኑት» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አምስት ትምህርት ቤት ብዬ የቆጠርኩት የአንድ ውሳኔ ውጤት ነበር። ሪፖርቱን መልሼ ተቀብዬ እንደገና ሠራሁት፣ እርግጠኛ ሆኜ የጻፍኩት መደምደሚያም አልቆመም።

(ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጉድኝቱን ራሱን «ክላስተር» የሚሉት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሰው «በክላስተር ነው የሠራነው» ሲልሽ የትኛውን እንደሆነ ደግመሽ ጠይቂ።)

አሁን ወደ ቁጥሩ። ያንቺን የሚመስል ምሳሌ ልውሰድ፣ ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው። 40 ትምህርት ቤት፣ 1000 ተማሪ፣ 20ው ትምህርት ቤት የሠለጠነ፣ 20ው ያልሠለጠነ። የውጤቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 15 ነጥብ፣ በሠለጠኑትና ባልሠለጠኑት መካከል ያለው ልዩነት 4 ነጥብ ይሁን።

ያለ ክላስተር ስታንዳርድ ኤረሩ 0.95 አካባቢ ይወጣል። 4ን ለ0.95 ስታካፍይ ቲ 4.2 ይሆናል። ደስ ይላል፣ ግን ትክክል አይደለም። ይህ ስሌት 1000ው ተማሪ እያንዳንዱ የራሱን አዲስ መረጃ ይዞ እንደመጣ ነው የሚቆጥረው። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ግን መምህራቸው አንድ ነው፣ መንገዳቸው አንድ ነው፣ ጅሩ ላይ አጨዳ ሲደርስ ከክፍል የሚቀሩትም አብረው ነው። የአንዱን ውጤት ካወቅሽ የጎረቤቱን በከፊል አወቅሽ ማለት ነው።

ይህ መመሳሰል በቁጥር ይለካል። አይሲሲ ይሉታል። ስታታ ላይ በግምት ለማየት፦

```
loneway score school_id
```

አይሲሲው 0.2 ወጣ እንበል። ሥልጠናው ለትምህርት ቤቱ በሙሉ የተሰጠ ስለሆነ ቫሪያንሱ በ 1 + (25 − 1) × 0.2 = 5.8 ይባዛል። ስታንዳርድ ኤረሩ በ5.8 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ2.4 ያህል ያድጋል። 0.95 የነበረው 2.29 ይሆናል፣ ቲው ወደ 1.75 ይወርዳል። 1000 ተማሪሽ በመረጃ ደረጃ የ172 ተማሪ ያህል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሲግኒፊካንሱ «ቀረ» አትበዪ፣ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

አሁን ሥልጠናው የተመደበው በጉድኝት ቢሆንስ? 40ው ትምህርት ቤት በ8 ጉድኝት ውስጥ ናቸው እንበል፣ በእያንዳንዱ አምስት አምስት፣ 4ቱ ጉድኝት የሠለጠኑ። በተለያየ ትምህርት ቤት ሆነው በአንድ ጉድኝት ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች መመሳሰላቸው ትንሽ ነው፣ 0.05 ብቻ ይሁን። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ምን ያመጣል ብሎ ይተወዋል። ግን አንድ ልጅ በራሱ ትምህርት ቤት ያለው ጓደኛ 24 ነው፣ በጉድኝቱ ሌሎች አራት ትምህርት ቤቶች ያለው ግን 100 ነው። ስለዚህ ማባዣው 1 + 24 × 0.2 + 100 × 0.05 = 10.8 ይሆናል። ትንሿ 0.05 ብዙ ልጅ ላይ ስለምትባዛ ከትልቁ 0.2 እኩል ጎዳች። ስታንዳርድ ኤረሩ 3.1፣ ቲው 1.28። የምታወዳድሪውም ከ1.96 ጋር አይደለም። ስታታ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙን የሚወስደው ከክላስተር ብዛት አንድ ቀንሶ ስለሆነ 7 ነው፣ መድረስ ያለብሽም 2.36 ነው።

በሴክሽን ማድረጉን ተዪው። ሥልጠናው ለትምህርት ቤቱ ወይም ከዚያ በላይ ከተሰጠ በሴክሽን ክላስተር ስታደርጊ ሴክሽን ሀ እና ሴክሽን ለ አይተዋወቁም እያልሽ ነው። በላይኛው ደረጃ ካደረግሽው ግን የታችኛው መመሳሰል በውስጡ ስለሚገባ ሁለቱንም ማድረግ አያስፈልግሽም። በሴክሽን ትክክል የሚሆነው ለምሳሌ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱ ሴክሽን ተመርጦ ሌላው ሲቀር ነው፣ እሱም ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ሬግሬሽኑ ውስጥ እንደ ዳሚ ካስገባሽና መደምደሚያሽ ስለነዚሁ ትምህርት ቤቶች ብቻ ከሆነ።

ወረዳ ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግርሻል። ዳታሽ ከአራት ወረዳ ከሆነ ክላስተርሽ አራት ነው፣ በአራት ክላስተር የሚወጣ ስታንዳርድ ኤረር ላይ ምንም አትደግፊበት። በየወረዳው ውስጥ የሠለጠነም ያልሠለጠነም ካለ ወረዳውን በ `i.woreda` አስገቢው፣ ክላስተሩን ግን ምደባው በተደረገበት ደረጃ አቆዪው። አንኮበር ከቀወት በብርድም በሙቀትም ይለያያል፣ ያንን ልዩነት ዳሚው ይወስድልሻል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። ክላስተር ያደረገው ስታንዳርድ ኤረር በራሱ ግምት ነው፣ ክላስተሩ ሲያንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ያዘነብላል። በ8 ጉድኝት አድርገሽው በትምህርት ቤት ካገኘሽው ያነሰ ስታንዳርድ ኤረር ቢወጣልሽ ጉድኝት የተሻለ ሆነ ብለሽ አትደሰቺ። ጉድኝቶቹ ጥቂት በመሆናቸው ቁጥሩ አልረጋም ማለት ነው። እኔ ላይ የደረሰው በትክክል ይሄ ነው፣ ትንሹን ቁጥር መርጬ ልጽፍም ነበር። ጉድኝቶቹ በመጠን በጣም ከተለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ የደብረ ብርሃን ከተማ ሆኖ ሌሎቹ የገጠር ትንንሽ ከሆኑ፣ ችግሩ ይብሳል።

በጥቂት ክላስተር የሚሠራው ዋይልድ ክላስተር ቡትስትራፕ ነው።

```
ssc install boottest
regress score treat, vce(cluster gudignit_id)
boottest treat, weighttype(webb) reps(9999)
```

`webb` የምልሽ በምክንያት ነው። የተለመደው ሬድማከር ለእያንዳንዱ ክላስተር የሚሰጠው ፕላስ ወይም ማይነስ ብቻ ስለሆነ በ8 ክላስተር ከ256 በላይ ጥምረት የለውም፣ ፒ ቫልዩውም በዝላይ ነው የሚሄደው።

ምደባው በዕጣ ከነበረ ደግሞ ሌላ መንገድ አለሽ፣ እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ ምክንያቱም ለማንም ማስረዳት ይቻላል። ከ8 ጉድኝት 4ቱን መምረጥ የሚቻልበት መንገድ 70 ነው። ሰባዎቹንም ሞክሪያቸውና በእያንዳንዱ ልዩነቱን አስሊ። ያንቺ 4 ነጥብ ከሰባዎቹ መካከል የት ላይ እንደምትቀመጥ ታያለሽ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እሷን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ምን ያህል ናቸው ብለሽ ለ70 ማካፈል ነው። ግን ገደቡን እወቂው፦ ዕጣሽ ከሁሉ የላቀ ልዩነት ቢሰጥ እንኳ ፒ ቫልዩው ከ2/70፣ ማለትም ከ0.029 አይወርድም።

ማንኛውንም ከማድረግሽ በፊት ግን የትምህርት ቤቶቹን ስም አጽጂ። በእኔ ዳታ አንድ ትምህርት ቤት አንዴ «ሥላሴ» አንዴ «ስላሴ» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ክላስተር ሆኖ ነበር። ሀ እና ሃ፣ ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ እንዲህ ያደርጋሉ። የተገላቢጦሹም አለ፣ ሴክሽን በየትምህርት ቤቱ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ከተሞላና በሱ ክላስተር ካደረግሽ የ40ውም ትምህርት ቤት «ሴክሽን 1» አንድ ላይ ይደረባል፣ በጠቅላላው ሦስት ክላስተር ይወጣልሻል። የምታረጋግጪው በቀላሉ ነው። ስታታ ከሰንጠረዡ በላይ `adjusted for 40 clusters in school_id` የሚል ይጽፋል። ያ ቁጥር ሜዳ ላይ ከሄድሽባቸው ትምህርት ቤቶች ብዛት ጋር አንድ ካልሆነ ቆሚ።

ውጤቱን ማጥራት ከፈለግሽስ? ከየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ልጅ መፈተን ብዙ አይጠቅምሽም። በላይኛው የትምህርት ቤት ምሳሌ 25ቱን ልጅ 50 ብታደርጊው ስታንዳርድ ኤረሩ ከ2.29 ወደ 2.20 ብቻ ነው የሚወርደው። ትምህርት ቤቶቹን 80 ብታደርጊ ግን ወደ 1.62 ይወርዳል። አሁን ወደ ሜዳ መመለስ ካልቻልሽ፣ ልጆቹ ከሥልጠናው በፊት የተፈተኑት ውጤት ካለ ሬግሬሽኑ ውስጥ አስገቢው። በትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ከፍ ያለ ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። ያለፈው ዓመት የክፍል ውጤት በሮስተር ላይ ቢኖር እንኳ ይረዳል፣ መምህራን በየራሳቸው የሚያርሙት ስለሆነ ፈተና ያህል ባይሆንም።

እንግዲህ ደውለሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። ጉድኝት ካሉሽ የጉድኝቶቹን ብዛትና በየጉድኝቱ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ አብረሽ ላኪ። ከ6 በታች ከሆኑ ቡትስትራፑም ስለማያስተማምን በየጉድኝቱ አማካይ ላይ አብረን እናየዋለን።