የጸዳውን መረጃ ከተጣለው ጋር አነጻጽሪው

«በጎንደር ዙሪያ ካሉ ጤና ጣቢያዎች የቅድመ ወሊድ ክትትል መዝገብ የ1,000 እናቶችን መረጃ ሰብስቤ ነበር። ባዶ ቦታ ያለበትን ረድፍ ሁሉ ሳስወጣ 620 ቀረ። የዕድሜ አማካዩ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ቲ-ቴስትም ልዩነት የለም አለኝ። የጸዳው መረጃ ዋናውን ይመስላል ብዬ ልጻፍ?»

እኅቴ፣ ገና አትጻፊ። ያነጻጸርሽው 620ውን ከ1,000ው ጋር ነው፤ 620ዎቹ እናቶች ግን በ1,000ው ውስጥም አሉ። እንዲህ ሁለት ቡድኖችን የሚያነጻጽር ቲ-ቴስት ቡድኖቹ የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰዎች በሁለቱም ወገን ተቆጥረዋል። ስለዚህ የሰጠሽ መልስ ትርጉም የለውም። መነጻጸር ያለባቸው የቀሩት 620 እና የተጣሉት 380 ናቸው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። መረጃሽን አላየሁትምና ለማሳያ የሚሆኑ ቁጥሮችን ልውሰድ። ከ1,000ው እናቶች 600ው የገጠር፣ 400ው የከተማ ነዋሪ ናቸው እንበል። ከቀሩት 620 ውስጥ 280ዎቹ፣ ከተጣሉት 380 ውስጥ ደግሞ 320ዎቹ የገጠር ናቸው። የገጠር ነዋሪ ድርሻ በዋናው መረጃ 60 በመቶ፣ በጸዳው 45 በመቶ፣ በተጣለው 84 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የጸዳውን ከዋናው ጋር ስታነጻጽሪ የምታዪው ክፍተት 15 ነጥብ ነው፤ ከተጣለው ጋር ስታነጻጽሪ ግን 39 ነጥብ ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍተት ምንጊዜም የሁለተኛው ክፍተት እና የተጣለው ረድፍ ድርሻ ብዜት ነው፤ እዚህ 39 ሲባዛ በ0.38 ወደ 15 ይመጣል። የጣልሽው 10 በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያው የ39 ነጥብ ልዩነት 4 መስሎ ይታይሽ ነበር። ከዋናው ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን የሚያሳንሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለቱን ቡድኖች ከለየሽ በኋላም ፍርዱን ለፒ-ቫልዩ አትስጪ፤ ረድፍ ሲበዛ ኢምንት ልዩነት ትልቅ ይመስላል፣ ረድፍ ሲያንስ ደግሞ ትልቁ ይደበቃል። ይልቅ ልዩነቱን ለሁለቱ ቡድኖች የጋራ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አካፍዪው። ውጤቱ ከ0.1 በታች ከሆነ ብዙ ተንታኞች እንደ ትንሽ ልዩነት ያዩታል። በማሳያችን የገጠር ነዋሪነት ልዩነት ወደ 0.9 ይወጣል፤ ይህ በፍጹም የሚታለፍ አይደለም።

ቡድኖቹን ለመለየት ምንም ረድፍ ሳታጠፊ በዋናው ፋይል ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል፦

```python
cols = ["age", "rural", "visits", "hb"]
print(df[cols].isna().mean())
df["kept"] = df[cols].notna().all(axis=1)
print(df.groupby("kept")[["age", "rural", "visits"]].mean())
```

`cols` ውስጥ ለትንተናሽ የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ አስገቢ። ጎንደር ውስጥ ለተመራቂዎች የጤና መረጃ ስተነትን ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ረድፎች በብዛት የሚወድቁት ሞዴሉ ውስጥ ጨርሶ በማይገባ ዓምድ ምክንያት መሆኑን ነው። የባል ሥራ ወይም የስልክ ቁጥር ባዶ ስለሆነ ብቻ ሙሉ የምርመራ ውጤት ያላት እናት ትጣላለች። ሁለተኛው መስመር የትኛው ዓምድ ምን ያህል ባዶ እንዳለው ይነግርሻል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከአንድ ዓምድ ላይ ተከማችቶ ታገኚዋለሽ።

በቅድመ ወሊድ መዝገብ ያ ዓምድ የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢን ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ወረቀቱን ራሱን ተመልከቺ። የአንዱን ጤና ጣቢያ መዝገብ ስትገልጪ ዕድሜ፣ የእርግዝና ቁጥርና የደም ግፊት በየመስመሩ ተሞልተው፣ የሄሞግሎቢን ዓምድ ብቻ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ጫፍ ነጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያ የመዝጋቢ ቸልተኝነት ሳይሆን የላቦራቶሪ ዕቃ አልቆ የነበረበት ወቅት ሊሆን ይችላል። በሌላ መዝገብ ደግሞ ክፍተቱ በሐምሌና በነሐሴ ይበዛል፤ የደምቢያ ሜዳ ጭቃ ሲሆን ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ እናት አንዴ መጥታ ለምርመራ ሳትመለስ ትቀራለች። ሁለቱ ክፍተቶች በኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ሕዋስ ናቸው፤ የሚያደርሱት ጉዳት ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የተጣሉት እናቶች በዚያው ጣቢያ ከታዩት ከሌሎቹ ብዙም ላይለዩ ይችላሉ። በሁለተኛው የተጣሉት በርቀታቸውና በድህነታቸው የተመረጡ ናቸው። ስለዚህ የባዶውን ድርሻ በጤና ጣቢያና በወር ከፋፍለሽ ሠንጠረዥ ሥሪ። በእኔ እምነት ከየትኛውም ቴስት የሚበልጠው ይህ ሠንጠረዥ ነው።

ልዩነት ካገኘሽስ? ለቀሩት እናቶች ክብደት መስጠት ትችያለሽ። በማሳያችን እያንዳንዷ የቀረች የገጠር እናት 600 ለ280፣ ማለትም 2.14 ሰው፣ የከተማዋ ደግሞ 400 ለ340፣ ማለትም 1.18 ሰው ትወክላለች። ይህ መሥራቱን የምትፈትኚው ለሁሉም 1,000 እናቶች በተሞላ ዓምድ ነው። በጤና ተቋም የወለዱት በዋናው መረጃ 62 በመቶ ናቸው እንበል። ከቀሩት ውስጥ በተቋም የወለዱት ከከተማ 272፣ ከገጠር 154 ቢሆኑ፣ ያለ ክብደት 69 በመቶ ይወጣል። በክብደቱ ስታሰዪው ወደ 65 ይወርዳል፤ 62 ግን አልደረሰም። ይህ የቀረው የ3 ነጥብ ክፍተት የሚለው፣ ከገጠር ወይም ከከተማ እናቶች መካከልም የቀሩትና የተጣሉት አንድ እንዳልሆኑ ነው። ያኔ የክትትል ብዛትን ወይም ከጤና ጣቢያው ያለውን ርቀት ጨምረሽ፣ የመቅረት ዕድልን በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ገምተሽ፣ የዚያን ዕድል ተገላቢጦሽ ክብደት አድርጊው። በአንድ ዓምድ ብቻ አስተካክሎ ማቆም በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን ያስረዘምኩት።

የጥናትሽ ጥያቄ ምን እንደሆነ አልነገርሽንም እንጂ መልሱ በእሱም ይወሰናል። የደም ማነስ በስንት በመቶ እናቶች ላይ እንዳለ ለመናገር ከሆነ የነዋሪነት መዛባት ቁጥሩን በቀጥታ ያበላሸዋል። የዕድሜና የደም ማነስን ግንኙነት በሪግሬሽን ለማየት ከሆነና የመጣል ዕድሉ የሚወሰነው ሞዴሉ ውስጥ ባስገባሻቸው መግለጫ ዓምዶች፣ ለምሳሌ በነዋሪነት ብቻ ከሆነ፣ ሞዴሉ በትክክል እስከ ተሠራ ድረስ 620ዎቹም ትክክለኛ ግምት ሊሰጡሽ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሁሉ አይታይም። የጎደለው ሄሞግሎቢኑ ራሱ ከሆነ፣ የእነዚያ እናቶች ሄሞግሎቢን ምን ያህል እንደነበረ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። ይህን በግምት ትፈትኚዋለሽ፦ ሄሞግሎቢናቸው ለጎደለው እናቶች ከተመሳሳይ እናቶች የተገመተ ዋጋ ሙዪላቸው፤ ከዚያ በዴሲሊትር 0.5 ግራም፣ ቀጥሎም 1 ግራም ቀንሺላቸውና ከ11 ግራም በታች የሚሆኑት እናቶች ድርሻ እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቺ። ድምዳሜሽ በ0.5 ግራም ቅናሽ የሚገለበጥ ከሆነ ውጤቱን በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚያ ብለሽ አቅርቢው። የጤና ጣቢያና የወር ሠንጠረዡን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልን፤ የትኞቹ ዓምዶች ወደ ክብደቱ መግባት እንዳለባቸው ከእሱ ተነስተን እንነጋገራለን።