ገብረ ጉንዳኑ በየት በኩል ገባ?

«ክረምቱ ከገባ ወዲህ ገብረ ጉንዳን ሁለት ሌሊት በማዕድ ቤት በኩል ገባብን። መጀመሪያ በረሮ ከየጓዳው ወጥቶ ሲሯሯጥ አየን፤ ከኋላው ጥቁሩ መስመር መጣ። ፍሊት ስንነፋበት ቤቱን ሞላው። የስድስት ወር ሕፃንና ዶሮዎች አሉን። ምን እናድርግ?» (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

ከሁሉ በፊት ሕፃኑን ይዛችሁ ውጡ። የዶሮ ቤቱን ክፈቱ፤ የታሰረ በግ ካለ ፍቱት። ሮጦ ማምለጥ የሚችል ብዙም አይጎዳም፤ አደጋው የተኛ ሕፃን፣ የታመመ ሰውና የታሰረ እንስሳ ላይ ነው።

በረሮው ቀድሞ መውጣቱን ሳነብ የጠረጠርኩት የዕቃ ማጠቢያውን ፍሳሽ ነው። የሐይቁ ዳር አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጉንዳኑ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ቤት የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ለአደን ነው። በረሮ ከፍሳሹ ጉድጓድ ተራብቶ ከሆነ፣ ቱቦው ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ የቀረው ክፍተት መንገድ ይሆነዋል። ያንን ክፍተት ብዙ ጊዜ የማገኘው በጋዜጣና በጄሶ ተወትፎ ነው። ጄሶ እርጥበት ሲነካው ይረግፋል! ርካሹ ፎምም ቱቦውን ለቆ ይላቀቃል።

ፍሊቱ ለምን እንዳባሰው ልንገራችሁ። የገብረ ጉንዳን ሠራተኛም ወታደርም ዓይን የለውም። ፊተኛው መሬት ላይ ሽታ እየጣለ ይሄዳል፣ ኋለኛው በዚያ ሽታ ላይ ይረግጣል፤ ተመላሹም በዚያው ይመለሳል። ትላልቆቹ ወታደሮች ግራና ቀኝ መንጋጋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። መሐሉ ላይ ስትነፉ መስመሩ ይቆረጣል፤ ከኋላ የሚመጣው መንገዱ ጠፍቶበት በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ወታደሩም ያገኘውን ይነክሳል። ቤታችሁን የሞላው እንዲህ ነው። ስለዚህ መስመሩን አትንኩት።

ይልቅ ባትሪ አብርታችሁ የተሸከመውን እዩ። የበረሮ እግርና ክንፍ ከሆነ አደን ላይ ነው፤ በረሮውን፣ ትኋኑን፣ የአይጥ ግልገሉን ጨርሶ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ነጭ እጭ በብዛት ከተሸከመ ግን ጎጆ እየለወጠ ነው፤ ቀናት ሊወስድበት ስለሚችል ሌላ ቤት እደሩ። ወደ መኝታ ክፍል እንዳይዞር ደጃፉ ላይ ደረቅ አመድ ወፈር አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ከረጠበ ግን አይሠራም። ነጭ ጋዝ የምትረጩ ከሆነ ምድጃው ፈጽሞ መጥፋት አለበት። የአልጋ እግር ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ቆሟል ብላችሁ ሕፃኑን አታስተኙ፤ ጉንዳኑ በግድግዳና በተንጠለጠለ ብርድ ልብስም ይወጣል።

ሲወጣ የሄደበትን ወለልና ግድግዳ በሳሙና ውኃ ፈትጋችሁ ሽታውን አጥፉ። ከዚያ ጄሶውን እስከ ብሎኬቱ ድረስ ፈልፍላችሁ አውጡ፣ ቀዳዳውን አርጥቡ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አቡክታችሁ ከውስጥም ከውጭም ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ሦስት ቀን ውኃ አጠጡት። የፍሳሹን ጉድጓድ አጽዱና የሚገጥም ክዳን አድርጉበት፤ በረሮው እዚያ ካለ ጉንዳኑ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ሕፃኑን ከማዕድ ቤቱ ራቅ ባለ ክፍል ከሰው ጋር አስተኙት፤ ብቻውን አይደር።