መልስ፦ የላርሞር ቀመርና ወደ ኒውክለስ የሚወድቀው ኤሌክትሮን

«ኤሌክትሮኑ ክብ ላይ በእኩል ፍጥነት እየዞረ ለምን ኢነርጂ ያጣል? ካጣስ እንዴት እየፈጠነ ይገባል?»

ኢነርጂው የሚወጣው በጨረር ነው፤ ጨረሩን የሚያመጣው ደግሞ አክስለሬሽን ነው። ክብ ላይ ፍጥነቱ በመጠን ባይቀየርም አቅጣጫው ሁሌም ይቀየራል። ስለዚህ ወደ መሀል የሚያመለክት a = v²/r አለ። እሱን የላርሞር ቀመር ውስጥ አስገባው፤ ቀመሩ ቻርጅ q በአክስለሬሽን a ሲንቀሳቀስ በሰከንድ በጨረር የሚያወጣውን ኢነርጂ P ይሰጣል፦

P = q²a² / (6πε₀c³)

ሃይድሮጅንን በክላሲካል ፊዚክስ እንየው። r = 5.3×10⁻¹¹ ሜትር፣ v = 2.2×10⁶ ሜትር በሰከንድ ነው። a ወደ 9×10²² ሜትር በሰከንድ ካሬ ይወጣል፤ P ደግሞ 4.6×10⁻⁸ ዋት ገደማ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ኤሌክትሮኑን ያሰረው ኢነርጂ ራሱ 2.2×10⁻¹⁸ ጁል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ጠቅላላ ኢነርጂው E = −ke²/2r ነው። E ሲቀንስ r ይጠባል። የመሳሳቡ ፖቴንሻል ኢነርጂ በጨረር ከወጣው እጥፍ ይወርዳል፤ ግማሹ ጨረር ሆኖ ይሄዳል፣ ግማሹ ኪኔቲክ ይሆናል። ለዚህ ነው እየከሰረ የሚፈጥነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የመውደቂያውን ጊዜ E/P ብለህ በአንድ ማካፈል አትጨርሰው። እንደዚያ 4.7×10⁻¹¹ ሰከንድ ይመጣልሃል። ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም P ከ1/r⁴ ጋር ያድጋል። ሬዲየሱ ግማሽ ሲሆን ጨረሩ 16 እጥፍ ነው። dE/dt = −P ብለህ ከ r እስከ ዜሮ ኢንተግሬት ስታደርግ መልሱ ሲሶ ይሆናል፣ 1.6×10⁻¹¹ ሰከንድ። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስቆርጠው ይቺ የ3 እጥፍ ልዩነት ናት።